ሁለት አይአርአር ያለው ፕሮጀክት፦ በመጨረሻው ዓመት ዕዳ የሚመጣበት ማዕድን አዋጭነቱ በምን ይለካል?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ስለ ኢንቨስትመንት የሚወራው ወሬ በቁጥር እየተሞላ ነው። ድሮ በባንክ ብድር ክፍልና በአማካሪዎች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይነሱ የነበሩ ቃላት ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው ይሰማሉ። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው “አይአርአር” ነው። “የዚህ ፕሮጀክት አይአርአር 35 በመቶ ነው” ሲባል አድማጩ በብሩ ላይ በዓመት 35 በመቶ የሚያገኝ ይመስለዋል።

ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከዚህ ግምት ብዙም አይርቅም። አንድ ዓይነት ፕሮጀክት ላይ ግን ከነአካቴው ትርጉም ያጣል። መጀመሪያ ወጪ፣ መሀል ላይ ገቢ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደገና ትልቅ ወጪ ያለበት ፕሮጀክት ነው። ማዕድን ዋናው ምሳሌ ነው። ጉድጓዱ ይደፈናል፣ የዝቃጭ ግድቡ ይታሸጋል፣ ውኃው ይታከማል፣ መሬቱ አፈር ለብሶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ወርቁ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያየው እንዲህ ያለውን ፕሮጀክት ነው። አይአርአር የት ላይ እንደሚሰናከል፣ ኤንፒቪ ምን ያህል እንደሚሻል፣ ኤንፒቪም ራሱ የሚደብቀው ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንከተላለን።

ሁለቱ መለኪያዎች ምንድን ናቸው?

ኤንፒቪ የተጣራ የአሁን ዋጋ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ብር ዛሬ ከተያዘ ብር ያንሳል። ስለዚህ የየዓመቱ ገቢና ወጪ በአንድ ምጣኔ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመጣል። ከዚያ ሁሉም ይደመርና የመነሻው ወጪ ይቀነሳል። የሚቀነስበት ምጣኔ የቅናሽ ምጣኔ ወይም የካፒታል ዋጋ ይባላል። ባለሀብቱ ያንኑ ገንዘብ ተመሳሳይ ስጋት ባለው ሌላ ቦታ ቢያውለው የሚያገኘው ተመላሽ ነው። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ፕሮጀክቱ ያዋጣል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ አያዋጣም። መልሱ የሚመጣው በብር ነው።

አይአርአር ደግሞ የውስጥ ተመላሽ ምጣኔ ነው። ጥያቄውን ገልብጦ ይጠይቃል፦ ኤንፒቪው ዜሮ የሚሆነው በየትኛው ምጣኔ ነው? መልሱ የሚመጣው በመቶኛ ነው። ያ መቶኛ ከካፒታል ዋጋው ከበለጠ “ግባበት” ይባላል።

ፕሮጀክቱ አንድ ጊዜ ወጥቶበት ከዚያ በኋላ ገቢ ብቻ የሚያመጣ ከሆነ ሁለቱ መለኪያዎች በ“ግባበት” እና “ተወው” ላይ አይጣሉም። ምጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር ኤንፒቪው ይወርዳል፤ ዜሮን የሚያቋርጠውም አንዴ ብቻ ነው። አይአርአር ላይ ያለን እምነት የቆመው በዚህ “አንዴ ብቻ” ላይ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም

በ1955 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጄምስ ሎሪ እና ሊዮናርድ ሳቬጅ አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ምሳሌ አቀረቡ። ባለጉድጓዱ በ1,600 ዶላር ትልቅ ፓምፕ ቢተክል፣ በሁለተኛው ዓመት ሊያገኘው የነበረውን 10,000 ዶላር በአንደኛው ዓመት ያገኘዋል። ነዳጁ ያው ነው፤ የሚለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። ስለዚህ የፓምፑ ተጨማሪ ፍሰት ሲጻፍ 1,600 ወጪ፣ 10,000 ገቢ፣ ከዚያ 10,000 ቅናሽ ይሆናል።

የዚህ ፍሰት አይአርአር ሲሰላ ሁለት መልስ ይወጣል፦ 25 በመቶ እና 400 በመቶ። ሁለቱም በሒሳብ ትክክል ናቸው። የባለጉድጓዱ የካፒታል ዋጋ 10 በመቶ ቢሆን ሁለቱም “ፓምፑን ትከል” ይላሉ። በ10 በመቶ የተሰላው ኤንፒቪ ግን ወደ 774 ዶላር ኪሳራ ያሳያል።

ምክንያቱ የአልጀብራ ነው። አይአርአርን መፈለግ ማለት የአንድ እኩልታ ሥር መፈለግ ማለት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው ደንብ፣ የእንዲህ ያለ እኩልታ አዎንታዊ ሥሮች ቁጥር ምልክቱ ከተገለበጠበት ጊዜ ብዛት አይበልጥም። ከወጪ ወደ ገቢ አንዴ ብቻ ከተገለበጠ መልሱ ከአንድ አያልፍም። ተመልሶ ወደ ወጪ ከተገለበጠ ሁለት መልስ ሊኖር ይችላል፤ ወይም ምንም መልስ ላይኖር ይችላል።

ምሳሌው፦ አነስተኛ የወርቅ ማዕድን

አሁን ወደ ምሳሌያችን። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ የማንም ድርጅት አይደሉም። ማዕድኑን ለመክፈት ዛሬ 100 ሚሊዮን ብር ይወጣል። ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 63 ሚሊዮን ብር የተጣራ ገቢ ይገባል። በስድስተኛው ዓመት ለመዝጊያና ለመልሶ ማልማት 240 ሚሊዮን ብር ይከፈላል።

240 ሚሊዮን የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ የስድስት ዓመት የዋጋ ንረት የታከለበት ቁጥር ነው። ሥራው ዛሬ ቢሠራ 104 ሚሊዮን ገደማ የሚፈጅ ከሆነና ዋጋው በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር፣ በስድስተኛው ዓመት 240 ሚሊዮን ይደርሳል። ገቢው ለምን 63 ላይ ቆመ? የወርቁ ዋጋ በብር ቢጨምርም የማዕድኑ ጥራት እየወረደ፣ የሚወጣውም ወርቅ እየቀነሰ ይሄዳል ብለን ስላሰብን ነው።

ብሩን ዝም ብለን ብንደምረው ገቢው 315፣ ወጪው 340 ሚሊዮን ነው። 25 ሚሊዮን ይጎድላል። ወረቀቱ ላይ ከገባው የሚወጣው ይበልጣል ማለት ነው። አሁን በኤክሴል እናስላው። ከ`B2` እስከ `B8` ያሉት ሰባት ሕዋሶች ከዜሮኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት ያለውን ፍሰት ይዘዋል።

```
=NPV(20%, B3:B8) + B2
=IRR(B2:B8)
=IRR(B2:B8, 0.4)
```

የመጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኤክሴል `NPV` የሚሰጠውን የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚወጣው 100 ሚሊዮን ከቅንፉ ውጭ መደመር አለበት። በየአዋጭነት ጥናቱ ከሚደጋገሙ ስህተቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው መስመር 7.8 በመቶ ይመልሳል። ሦስተኛው 35.3 በመቶ ይመልሳል። ፍሰቱ ያው ነው፤ የተለወጠው መነሻ ግምቱ ብቻ ነው። ኤክሴል መልሱን የሚያገኘው ከአንድ ግምት ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየተጠጋ ነው። ግምት ካልተሰጠው ከ10 በመቶ ይነሳል። ለ10 በመቶ የሚቀርበው 7.8 ስለሆነ እሱ ላይ ያርፋል። ከ40 በመቶ ሲነሳ 35.3 ላይ ያርፋል። ሌላ መልስ እንዳለ የሚናገር ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፕሮጀክቱን መሸጥ የሚፈልግ 35.3ን ይጽፋል፤ የሚጠራጠር 7.8ን ይጽፋል። ሁለቱም ሲጠየቁ ፋይላቸውን ከፍተው ማሳየት ይችላሉ።

ኤንፒቪው በየምጣኔው ምን ይላል?

አንድ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ ኤንፒቪውን በተለያየ ምጣኔ ማስላት ይሻላል። ባለሙያዎች ይህን የኤንፒቪ መስመር ይሉታል። ለምሳሌያችን በሚሊዮን ብር እንዲህ ነው፦

| የቅናሽ ምጣኔ | ኤንፒቪ |
|---|---|
| 0% | −25.0 |
| 5% | −6.3 |
| 10% | +3.3 |
| 15% | +7.4 |
| 20% | +8.0 |
| 30% | +3.7 |
| 40% | −3.7 |

መስመሩ እንደ ኮረብታ ነው። ከዜሮ በታች ይነሳል፣ 7.8 ላይ ዜሮን ያልፋል፣ 20 በመቶ አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ 35.3 ላይ ተመልሶ ይወርዳል። አዋጭ የሚሆነው በሁለቱ አይአርአሮች መካከል ብቻ ነው።

ከሠንጠረዡ 5 በመቶ ያለበትን መስመር እዩት። ባለሀብቱ በ5 በመቶ ገንዘብ ቢያገኝ ሁለቱም አይአርአሮች ከዚያ በላይ ናቸው። በተለመደው ደንብ መሠረት ያለ ክርክር “ግባበት” ይባላል። ኤንፒቪው ግን 6.3 ሚሊዮን ኪሳራ ነው። ስለዚህ “ሁለት መልስ ካለ አነስተኛውን ውሰድ፤ እሱ ጥንቃቄ ነው” የሚለው ምክር አይሠራም። ትልቁን መውሰድም እንደዚሁ። በ20 በመቶ የካፒታል ዋጋ ትንሹ መልስ “ተወው”፣ ትልቁ “ግባበት” ይላል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ርካሽ ገንዘብ ፕሮጀክቱን ሲያከፋው፣ ውድ ገንዘብ ሲያሻሽለው ይታያል። ከ5 ወደ 20 በመቶ ስንሄድ ኤንፒቪው ይጨምራል። ለተለመደ ፕሮጀክት ይህ የማይሆን ነገር ነው። ለምን እዚህ ሆነ?

ማዕድኑ መቼ ተበዳሪ፣ መቼ አበዳሪ ነው?

መልሱ ያለው በየዓመቱ መጨረሻ በሚቀረው ሒሳብ ውስጥ ነው። ፕሮጀክቱ ከባለሀብቱ 100 ሚሊዮን የተበደረ እንደሆነ አድርጉ፤ ወለዱም 35.3 በመቶ ይሁን። ከአንድ ዓመት በኋላ ዕዳው 135.3 ይሆናል። 63 ይከፍልና 72.3 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 34.8 ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት ዕዳው በወለዱ 47.1 ይሆናል፣ 63 ሲከፈል ግን ያልቃል፤ እንዲያውም 15.9 ሚሊዮን ይተርፋል።

ከዚህች ዓመት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ባለሀብቱ ገንዘቡን ከነወለዱ አግኝቷል። ከዚያ በላይ የሚገባው ብር የራሱ አይደለም፤ ለመዝጊያ የሚከፈል የአደራ ገንዘብ ነው። አሁን ተበዳሪው ባለሀብቱ ነው። የትርፉ ሒሳብ በአራተኛው ዓመት 84.5፣ በአምስተኛው 177.3 ሚሊዮን ይደርሳል። በስድስተኛው ዓመት ይህ 177.3 ወደ 240 ማደግ አለበት። ያንን የሚያደርገው እንደገና 35.3 በመቶ ሲያተርፍ ነው።

ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። የ35.3 በመቶው አይአርአር እውነት የሚሆነው ለመዝጊያ የተያዘው ብር ሌላ ቦታ ተቀምጦ በዓመት 35.3 በመቶ ካደገ ብቻ ነው። 7.8 በመቶውም ያንኑ በ7.8 በመቶ ያስባል። ሁለቱም ቁጥሮች ስለ ማዕድኑ ብቻ አይናገሩም። ማዕድኑንና ከማዕድኑ ውጭ የተቀመጠውን ገንዘብ በአንድ መቶኛ አስረው ያቀርባሉ።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ የደረሰው ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው አበዳሪ ነው። ለአበዳሪ ከፍ ያለ ተመላሽ ጥሩ ነው፤ ለተበዳሪ ከፍ ያለ ወለድ መጥፎ ነው። ማዕድናችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ አንዱ፣ በመጨረሻዎቹ እንደ ሌላው ነው። ስለዚህ አንድ መቶኛ ይዞ “ከፍ ካለ ጥሩ ነው” ማለት አይቻልም። በ1965 እ.ኤ.አ. ታይችሮው፣ ሮቢቼክና ሞንታልባኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ድብልቅ ባሕርይ በሒሳብ አሳይተዋል። መፍትሔያቸውም ሁለቱን ወቅቶች በሁለት የተለያየ ምጣኔ ማስላት ነበር።

ኤንፒቪስ የሚደብቀው የለም?

አለ። የፋይናንስ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ “አይአርአር ሲምታታ ኤንፒቪን ተጠቀም” ብለው ይዘጉታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በ20 በመቶ የወጣው የ8 ሚሊዮን ብር ኤንፒቪ፣ የመዝጊያው ገንዘብ በ20 በመቶ ያድጋል ብሎ አስቧል። 240 ሚሊዮኑን በ20 በመቶ ስንቀንሰው የዛሬ ዋጋው 80.4 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ሲሶው ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ በሒሳቡ ውስጥ ጠፋ።

ከአይአርአር የሚሻለው ግምቱ ፊት ለፊት መቀመጡ ነው። ምጣኔውን የመረጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ “ለምን ይህን መረጥክ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በአይአርአር ግን ምጣኔውን የወለደው እኩልታው ራሱ ስለሆነ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እንግዲህ እንጠይቅ። የማዕድን ሥራ ስጋት አለው፣ ስለዚህ ለገቢው 20 በመቶ መጠቀም ያስኬዳል። የመዝጊያ ግዴታ ግን እንደ ገቢው አይደለም። የወርቅ ዋጋ ወደቀም ወጣም ጉድጓዱ መደፈን አለበት። እርግጠኛ የሆነ ዕዳ በዝቅተኛ ምጣኔ ነው የሚቀነሰው። በዝቅተኛ ምጣኔ ሲቀነስ ደግሞ የዛሬ ዋጋው ይከብዳል።

ገንዘቡ በየዓመቱ ቢቀመጥስ?

ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው የመዝጊያ ፈንድ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዶች ለአካባቢ መልሶ ማቋቋሚያ ገንዘብ እንዲመድቡ ግዴታ ይጥላል። ይህን ግዴታ ወደ ሒሳቡ እናስገባው። ማዕድኑ ከየዓመቱ ገቢ ላይ እኩል መጠን እየቀነሰ በዝግ ሒሳብ ያስቀምጣል እንበል። ሒሳቡ የሚከፍለው 7 በመቶ ይሁን። ብሔራዊ ባንክ በ2010 የወሰነው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ እሱ ነው።

በስድስተኛው ዓመት 240 ሚሊዮን እንዲገኝ በየዓመቱ 39 ሚሊዮን ብር መቀመጥ አለበት። ከ63ቱ ለባለሀብቱ የሚቀረው 24 ብቻ ነው። አዲሱ ፍሰት ዛሬ 100 ወጪ፣ ከዚያ ለአምስት ዓመት 24 ገቢ፣ በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ዜሮ ነው፤ መዝጊያውን ፈንዱ ስለሚከፍለው።

ምልክቱ አሁን አንዴ ብቻ ነው የተገለበጠው። አይአርአሩም አንድ ሆነ፦ 6.4 በመቶ። በ20 በመቶ የተሰላው ኤንፒቪ 28 ሚሊዮን ገደማ ኪሳራ ነው። ማዕድኑ አልተለወጠም። ወርቁ ያው፣ ወጪው ያው፣ መዝጊያው ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር፣ የአደራው ገንዘብ 35 ወይም 20 በመቶ ያተርፋል የሚለው የተደበቀ ግምት መውጣቱ ነው።

7 በመቶ በጣም ዝቅተኛ ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ ተገቢም ነው። የዋጋ ንረት ከዚያ በላይ በሆነበት አገር ገንዘብን በ7 በመቶ ማሰር ዋጋውን ማሳጣት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ እንደጀመረ እናስታውስ። ፈንዱ 15 በመቶ የሚከፍል ቦታ ቢቀመጥ በዓመት 31 ሚሊዮን ገደማ ይበቃል። አይአርአሩ ወደ 18.1 በመቶ ይወጣል። በ20 በመቶ የተሰላው ኤንፒቪ ግን አሁንም ከዜሮ በታች ነው፤ 4 ሚሊዮን ገደማ ይጎድላል።

ባለሀብቶች ከዚህ ሌላ መንገድ አላቸው። ጥሬ ገንዘብ ከማስቀመጥ ይልቅ የባንክ ዋስትና ማቅረብ ይመርጣሉ። ዋስትናው ገንዘቡን ነጻ ያወጣል፤ ግን ክፍያ አለው፣ ባንኩም መያዣ ይጠይቃል። ያ ክፍያና ያ መያዣ በፍሰቱ ውስጥ ሲገባ የፈንዱን ወጪ በከፊል ይተካዋል። ዋስትናም ፈንድም የሌለበት ጥናት ሲቀርብ ግን፣ የመዝጊያውን ስጋት የተሸከመው በአካባቢው የሚኖረው ሰው ነው። በኤክሴሉ ውስጥ ይህ ሰው ሕዋስ የለውም። ጉዳዩ ከሒሳብ በላይ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

የተሻሻለው አይአርአርና የተቃራኒ ወገን ክርክር

አይአርአርን የሚከላከሉ ባለሙያዎች ሞኞች አይደሉም። አንደኛ፣ ቦርድ ፊት “8 ሚሊዮን ኤንፒቪ” ከማለት መቶኛ መናገር ይቀላል። ሁለተኛ፣ ኤንፒቪ ለማስላት የካፒታል ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። የአክሲዮን ገበያው ገና ልጅ በሆነበት አገር ያንን በትክክል መገመት ከባድ ነው። ሁለተኛው ክርክር እውነትነት አለው፤ ከችግሩ ግን አያወጣም። አይአርአር ወጥቶም ቢሆን ከአንድ ነገር ጋር መወዳደር አለበት። ያ ነገር ያው የካፒታል ዋጋ ነው። ምጣኔው በእርግጥ ካልታወቀ ከላይ እንዳየነው ኤንፒቪውን በብዙ ምጣኔ ማሳየት የበለጠ ሐቀኛ ነው።

መሀል ላይ የቆመ መፍትሔ አለ። የተሻሻለው አይአርአር ይባላል፤ በኤክሴል `MIRR` ነው። ወጪዎቹን በሙሉ በአንድ ምጣኔ ወደ ዛሬ ያመጣል፣ ገቢዎቹን በሌላ ምጣኔ ወደ መጨረሻው ዓመት ይወስዳል፣ በመካከላቸው ያለውን ዓመታዊ ዕድገት ያሰላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

```
=MIRR(B2:B8, 20%, 20%)
=MIRR(B2:B8, 20%, 7%)
```

ለምሳሌያችን የመጀመሪያው 20.9 በመቶ፣ ሁለተኛው 13.6 በመቶ ይሰጣል። አንድ መልስ መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን የመዝጊያውን 240 ሚሊዮን በሁለቱም መስመር በ20 በመቶ እንደቀነሰው አስተውሉ። ስለዚህ ከኤንፒቪው ጋር ያንኑ ድክመት ይጋራል። መቶኛ የሚፈልግ ቦርድ ካለ `MIRR` ከ`IRR` ይሻላል፤ ሁለቱ ምጣኔዎች አብረው እስከተጻፉ ድረስ።

ጥናት የሚያነብ ሰው ምን ያያል?

መጀመሪያ የሚታየው የፍሰቱ ሠንጠረዥ የመጨረሻ ረድፍ ነው። የማዕድን፣ የድንጋይ ካባ ወይም የቆሻሻ ማስወገጃ ፕሮጀክት ሆኖ የመጨረሻው ዓመት ገቢ ብቻ ካሳየ፣ የመዝጊያው ወጪ ተረስቷል ወይም ሆን ተብሎ ወጥቷል። ያኔ አይአርአሩ አንድና ቆንጆ ይሆናል፤ የሚለካው ግን የፕሮጀክቱን ግማሽ ነው። በምሳሌያችን መዝጊያውን ብናወጣው አይአርአሩ ከ50 በመቶ በላይ ይሆናል።

የመዝጊያው ወጪ ካለ ቀጥሎ የሚታየው መጠኑ በዛሬ ዋጋ ነው ወይስ በዚያን ጊዜ ዋጋ የሚለው ነው። 104 ሚሊዮን በዛሬ ዋጋ ተጽፎ የዋጋ ንረት በታከለበት 20 በመቶ ከተቀነሰ፣ ወጪው ሁለት ጊዜ ተቀንሷል ማለት ነው። በስድስተኛው ዓመት የተጻፈው 104 ሚሊዮን ወደ 35 ሚሊዮን ይወርዳል። ይህ ስህተት ከሁለቱ አይአርአሮች ችግር በላይ ብዙ ብር ሊያጠፋ ይችላል።

ኤክሴሉ `#NUM!` ካሳየም ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ዛሬ 100 ወጪ፣ ከዓመት በኋላ 200 ገቢ፣ በሁለተኛው ዓመት 150 ወጪ ያለበት ፍሰት አይአርአር የለውም። ኤንፒቪው በየትኛውም ምጣኔ ከዜሮ በታች ነው። እዚያ ላይ ግምቱን እየቀያየሩ መልስ መፈለግ የሌለ ነገር ፍለጋ ነው።

መዝጊያውን የማዘግየት ፈተና

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ መዘዝ አለ። ፈንድ በሌለበት ማዕድናችን ሥራ አቁሞ መዝጊያውን በአንድ ዓመት ቢያዘገይ ምን ይሆናል? ወጪው 240 ላይ ከቆመ፣ በ20 በመቶ የተሰላው የዛሬ ዋጋው ከ80.4 ወደ 67 ሚሊዮን ይወርዳል። ምንም ወርቅ ሳይወጣ 13.4 ሚሊዮን “ተገኘ”። የጠቅላላው ፕሮጀክት ኤንፒቪ 8 ሚሊዮን እንደነበር አስታውሱ። ማዘግየቱ ከማዕድኑ የበለጠ አተረፈ ማለት ነው። በሁለተኛውም ዓመት ቢዘገይ እንደገና ይጨምራል። በየአገሩ “ለጊዜው ቆሟል” እየተባሉ ለዓመታት ሳይዘጉ የሚቆዩ ማዕድኖች ከዚህ ስሌት ውጭ አይደሉም።

የመዝጊያው ዋጋ ራሱ በየዓመቱ ቢጨምር ጥቅሙ ይጠብባል። በ15 በመቶ ቢጨምር 240ው 276 ይሆናል፤ የዛሬ ዋጋው ደግሞ 77 ሚሊዮን ነው። አሁንም ማዘግየት በ3 ሚሊዮን ብር ያተርፋል። ዋጋው በዓመት 20 በመቶ እስካልጨመረ ድረስ ባለማዕድኑ ለመዝጋት የሚቸኩልበት የገንዘብ ምክንያት የለውም።

ፈንዱ ካለ ሒሳቡ ይለወጣል። ብሩ ከባለሀብቱ እጅ ወጥቷል፤ በማዘግየት የሚያገኘው በሌላ ሥራ ላይ የሚያውለው ካፒታል የለም። በስድስተኛው ዓመት የተሞላው 240 ሚሊዮን በ7 በመቶ ሒሳብ አንድ ዓመት ቢቆይ 256.8 ሚሊዮን ይሆናል። ሥራው ግን 276 ሚሊዮን ይጠይቃል። የ19.2 ሚሊዮኑን ጉድለት ባለፈቃዱ ከኪሱ ይሞላል፤ በቀጣዩ ዓመት ቢያዘገየው ጉድለቱ ከ42 ሚሊዮን ይበልጣል።